የፍሬዬ ከረጢት በቀኝ በኩል ሳያመኝ አብጧል፤ ባትሪ ሲበራበት ያበራል። አልትራሳውንድ ልነሳ?

ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኑሮዬ ጎንደር ነው። አራዳ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ፤ 31 ዓመቴ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሱ 19 ደረሰ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ረዘመብን፣ አንድ ላይ ሰብስብልን ስላሉኝ የተባለውን በየተራው በራሴ አነጋገር እጽፈዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ሰው የገዛ ገመናውን ነው ያወጣው።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። ከሰባት ወር በፊት ገላዬን ስታጠብ የቀኙ ከግራው እንደሚበልጥ አስተዋልኩ። አያምም፣ አይሞቅም፣ አልቀላም። ማሽን ላይ ብዙ ስቀመጥ ግን ይከብደኛል፤ የሆነ ነገር የተንጠለጠለብኝ ይመስለኛል። ስድስት ወር ዝም አልኩ። ምክንያቱን የእኛ አገር ወንድ ሁሉ ያውቀዋል። እታች ያለው ካበጠ ስሙ ቡአ ነው፤ ቡአ ደግሞ የበሽታ ስም ብቻ አይደለም፣ ስድብም ነው። ማን ደፍሮ ይናገራል?

በመጨረሻ ሕክምና ሄድኩ። የት እንደሆነ አልጽፍም። ባለሙያው መብራቱን አጠፋና የስልኩን ባትሪ ከሥር አበራበት። ከረጢቱ እንደ ፋኖስ ቀልቶ በራ። ውሃ ስለሆነ ካላመመኝ እንድተወው ተነግሮኝ ተመለስኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። የቀኙን ፍሬ ልዳስሰው ብል አላገኘውም። እብጠቱ ውጦታል። ስለዚህ የጠየቅኩት ይህን ነበር፦ ባትሪው ካበራ በኋላ አልትራሳውንድ ምን ይጨምርልኛል?

1ኛው መልስ ከቆላ ድባ ነው። ጸሐፊው በትሕትና እግዜር እንዲምረኝ ተመኘልኝ። አጎቱ ከዚህ ጋር አሥራ አምስት ዓመት እንደኖሩ፣ በቅሎ ላይ መቀመጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ምንም እንዳልሆኑ ተረከልኝ። ጸበል እንድሞክር፣ ብርድ ላይ እንዳልቀመጥ መከረኝ። ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ልብ በሉ፤ አጎቱ ምን እንደነበረባቸው እሱም አያውቅም። ማንም አላያቸውም። ቡአ ነው ተብሎ እዚያው ቀረ።

2ኛው የአዘዞ ሰው ነው፤ ጭነት ይጭናል፣ ያወርዳል። የእኔ ችግር ከሸክም የመጣ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ እኔ ግን ከጨርቅ በላይ ከባድ ነገር አንስቼ አላውቅም። የእሱ ቀን ቀን ወደ ታች እየወረደ ያብጣል፤ ማታ በጀርባው ሲተኛ ተመልሶ ይገባል። ሲያስል በእጁ ላይ ገፋ ሲያደርገው ይሰማዋል። አራት ዓመት ሙሉ ወገቡን በመቀነት አጥብቆ አስሮ ይሠራል። ለእኔም ያንኑ መከረኝ። ለራሱ ነገር ግማሽ ትክክል ነበር። ለእኔ ግን አይሆንም ነበር፤ ለምን እንደማይሆን የገባኝ ቀጥሎ በመጣው መልስ ነው።

3ኛውን የጻፉት በቀዶ ሕክምና ክፍል ረጅም ዓመት ሠርተው በጡረታ ላይ ያሉ ሲስተር ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ነገር እንድሞክር ጠየቁኝ።

አንደኛው በጣት ነው። ቆሜ ከእብጠቱ በላይ፣ ከረጢቱ ከብሽሽት ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ፣ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ከፊትና ከኋላ እንዳገናኝ ነገሩኝ። ጣቶቼ መሐላቸው እንደ ገመድ ያለ ቀጭን ነገር ብቻ ይዘው ከተገናኙ እብጠቱ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ የተወለደ ነው። ካልተገናኙና እብጠቱ ወደ ብሽሽት ሽቅብ የሚቀጥል ከሆነ ግን ከሆድ የወረደ ነገር ነው፤ አንጀት ወይም የሆድ ስብ። ይህን ነው ሐኪሞች ሄርኒያ የሚሉት። ሁለተኛው ለአሥር ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ ማየት ነው። ሄርኒያ ይገባል። ያበጡ ደም ሥሮች፣ ቫሪኮሲል የሚባሉት፣ ይጎድላሉ። ውሃ ግን ባለበት ይቆያል። ሦስተኛው ፍሬው ራሱ ይዳሰሳል ወይ የሚለው ነው። ከሁሉም ይህኛው ላይ አጥብቀው ነበር።

እኔ ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ቡአ የምንለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። አንዱ ውሃ ነው፣ አንዱ አንጀት ነው፣ አንዱ ደም ሥር ነው። የአጎት መድኃኒት ለወንድም ልጅ የማይሆነው ለዚህ ነው።

4ኛው መልስ ወዲያው ሞገተ። ፋርማሲ ውስጥ እንደሚሠራ የጠቀሰ ወጣት ነው። ባትሪው ካበራ ሃይድሮሲል የሚባለው ውሃ ነው፣ ነገሩ አለቀ፣ አልትራሳውንድ የሚያዝዙት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። አጻጻፉ ትንሽ ይቆጣል። ሰው በማያስፈልግ ምርመራ ሲበዘበዝ በየቀኑ ስለሚያይ ይመስለኛል። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

5ኛው የእኔ ነው። ማታ በሬን ዘግቼ ሦስቱንም ሞከርኩ። ጣቶቼ ከላይ ተገናኙ። ተኝቼም አልጎደለም። ፍሬው ግን አሁንም የለም። እብጠቱ እንደ ተነፋ ፊኛ የተወጠረ ስለሆነ ብጫነውም ወደ ውስጥ የሚደርስልኝ ነገር የለም።

6ኛውን ሲስተር ለሁለታችንም ጻፉት። ለእኔ የጥያቄው መልስ ይህ ነው። በፍሬው ዙሪያ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸው ፍሬው እንዲንሸራተት የምታደርግ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሁልጊዜ አለች። የሚመነጨው ከሚመጠጠው ሲበልጥ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፤ ጉዳትም የለውም። አንዳንዴ ግን ፍሬው ራሱ ስለታመመ ነው ውሃ የሚያነባው። ተመትቶ ይሆናል፣ ቆስሎ ይሆናል፣ ዕጢ በቅሎበት ይሆናል። ባትሪ ውሃ መኖሩን ይናገራል። ውሃው ለምን እንደመጣ አይናገርም። ደግሞ ባትሪ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ የሕፃን አንጀት ስስ ስለሆነ እሱም ያበራል፤ ሽፋኑ የወፈረ አሮጌ ውሃ ደግሞ ላያበራ ይችላል።

ስለዚህ ደንባቸው ቀላል ነው። ውሃው ለስለስ ብሎ ፍሬው ከኋላ በደንብ ከተዳሰሰ፣ ልሙጥና ለስላሳ ከሆነ፣ ያየው ሰው ከጠገበ፣ ያለ አልትራሳውንድ መቆየት ይቻላል። ፍሬው የማይዳሰስ ከሆነ ግን አንድ ሰው ሊያየው ይገባል፤ በእጅ ካልሆነ በማሽን። በተለይ ባለቤቱ ወጣት ከሆነ። ለፋርማሲው ልጅም ያልጠበቀውን መለሱለት። ያለ ምክንያት አልትራሳውንድ እንደሚታዘዝ አመኑ። ይኸኛው ግን ከዚያ ውስጥ እንዳልሆነ ነገሩት።

7ኛው ጥያቄዬን በሌላ መንገድ የተረዳ ሰው ነው። ከማራኪ ነው፤ ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ የላቸውም። በግራ በኩል ሲነካው የትል ከረጢት የሚመስል ነገር አለው፤ ሲመሽና ብዙ ሲቆም ይከብደዋል። እኔም ልጅ ስላጣሁ የጠየቅኩ መስሎት ነው የገባው። ሆኖም ማንም አልገሠጸውም። ሲስተር አጠር አድርገው መለሱለት። ያ ደም ሥር ከመቶ ወንድ አሥራ አምስቱ ላይ እንደሚገኝ፣ ብዙዎቹም እንደሚወልዱ ገለጹለት። የሚጀምረው ከአልትራሳውንድ ሳይሆን ከዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ። ባለቤቱም በዚያው ጊዜ መመርመር አለባት እንጂ የእሱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም። ኦፕራሲዮን ቢደረግ እንኳ ውጤቱ የሚታየው ቢያንስ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አንዲት የዘር ሕዋስ ተሠርታ እስክታልቅ ከሁለት ወር በላይ ትፈልጋለችና።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመሩለት፤ እኔም እዚህ ሳልጽፈው አላልፍም። ይህ የደም ሥር እብጠት ብዙውን ጊዜ የግራ በሽታ ነው። የግራው ደም ሥር ረጅም መንገድ ወጥቶ ወደ ኩላሊት ደም ሥር ስለሚገባ ደሙ ቶሎ ይቆማል። በቀኝ ብቻ ከወጣ፣ ወይም አርባን ባለፈ ሰው ላይ በድንገት ከወጣ፣ ወይም ተኝተውም ካልጎደለ፣ ከላይ ሆዱ ውስጥ ደም ሥሩን የሚጫን ነገር ሊኖር ይችላል። ያኔ አልትራሳውንዱ እታች ብቻ ሳይሆን ሆድንና ኩላሊትንም ማየት አለበት።

8ኛውን መልስ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው ሲስተር ላይ ተነሣ። ሴት ልጅ፣ ያውም በእድሜ የገፉ እናት፣ ስለ ወንድ ገመና በአደባባይ መጻፋቸው ነውር እንደሆነ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲጸልዩ ጻፈ። አነጋገሩ ያስቀይማል።

9ኛው መለሰለት፤ እሱም አልራራም። ደባርቅ ያደገ መምህር ነው። በጎንደር ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን የተደረገ ወንድ ሁሉ ነርስ እንዳጠበው፣ ቁስሉን እንደጠረገችለት፣ ያን ጊዜ ነውር ያልሆነ ነገር አሁን ምክር ሲሆን እንዴት ነውር እንደሚሆን ጠየቀው። ሲስተር ራሳቸው ምንም አልመለሱም። ለሁለት ቀን ጠፉ። እኔ በግሌ ይቅርታ ላክሁላቸው። እሳቸው ባይመለሱ ኖሮ ይህ ውይይት ከባትሪው አያልፍም ነበር።

10ኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጸሐፊዋ ሴት ናት፤ ስለ ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጁ 24 ዓመቱ ነበር። እንደ እኔ ሳያመው አበጠ፣ እንደ እኔ ባትሪ በራበት። ስሙን ያልጠቀሰችው አንድ ክሊኒክ በመርፌ ውሃውን ቀዳለት። ሽንት የመሰለ ንጹሕ ቢጫ ውሃ ነበር። ቀለለው፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሞላ። እንደገና ተቀዳ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞላ ሌላ ሐኪም መርፌውን ትቶ አልትራሳውንድ አዘዘ። ውሃው ውስጥ ያለው ፍሬ ግማሹ ጠንካራ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ሕመም አልነበረውም፤ አንድ ቀንም አላመመውም። የደም ምርመራ ተደርጎለት ፍሬው በብሽሽት በኩል ተከፍቶ ወጣ። በከረጢቱ በኩል አይወጣም፤ ዕጢው ወደ ቆዳው እንዳይዘራ ነው። መርፌው መጀመሪያ መግባት ያልነበረበትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ያን ጊዜ ተነገራቸው። አሁን ክትትል ላይ ነው፤ ሥራ ጀምሯል። እሷ የጻፈችው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ባትሪ አብርቶ ለተመለሰ ሰው ሁሉ እንዲደርስ ነው።

11ኛው የፋርማሲው ልጅ ተመልሶ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። የፍሬ ካንሰር በአፍሪካውያን ላይ ከአውሮፓውያን ያነሰ መሆኑን፣ ለአንድ ሰው ሲባል መቶውን ማስመርመር ለድሃ አገር እንደማይሆን ተከራከረ።

12ኛው ሲስተር ናቸው፤ ተመለሱ። ማነሱ እውነት እንደሆነ ተቀበሉ። ነገር ግን መቶውን ሁሉ ላኩ እንዳላሉ አስታወሱት። ፍሬው ከተዳሰሰው ሰው ጋር ጉዳይ የላቸውም። የሚልኩት ፍሬው የጠፋበትን፣ ፍሬው ላይ ጠጠር የመሰለ ጠንካራ ነገር የተሰማውን፣ እብጠቱ በሳምንታት የጨመረበትን፣ ወይም ተመትቶ ያበጠበትን ነው። ዕጢው ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከ15 እስከ 35 ባለው እድሜ ነው፤ ሰው ራሱን ጤነኛ ነኝ በሚልበት ጊዜ። ቶሎ ከተገኘ አብዛኛው ይድናል። ስለ መርፌም እዚሁ ጨክነው ጻፉ። ምን እንዳለ ያልታወቀ እብጠት ውስጥ መርፌ አይገባም። ውስጡ አንጀት ቢሆንስ?

በዚህ መካከል አንድ ሰው ወጌሻ እንደሚያሽ ጠቁሞ ነበር፤ መልሱን ራሱ አጠፋው። ስለዚህ አልቆጠርኩትም።

13ኛዋ እናት ናት። የስምንት ወር ልጇ ላይ ከተወለደ ጀምሮ አንድ በኩል ያብጣል። ሲስተር፣ ልጁ ሲያለቅስ ወደ ብሽሽት የሚወጣ፣ ከዚያ የሚጠፋ ጉብታ እንዳለ ጠየቋት፤ እንዳለ መለሰች። የሕፃን ውሃ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በራሱ ይጠፋል፤ ይጠበቃል። ሲያለቅስ የሚወጣና የሚገባ የብሽሽት ጉብታ ግን ሄርኒያ ስለሚሆን አይጠበቅም። በዚያው ሳምንት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ዘንድ እንድትወስደው አስቸኮሏት። ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም። የደረሰችበትን ብናውቅ ደስ ይለናል።

14ኛው አንድ ሰው ነገሩን ወደ እግር እብጠት ወሰደው። አያቱ እግራቸው እንደ ዝሆን እግር ያበጠ ስለነበር ይህም የዚያ ዘር መሆን አለበት አለ። 15ኛው ጋምቤላ ለብዙ ጊዜ በጤና ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ አስተካከለው። በእኛ ደጋ ያለው የእግር እብጠት ብዙውን ጊዜ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ እግር ላይ ይቀራል፣ ወደ ፍሬ አይወጣም። በቆላ ግን፣ እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ባሉ ቦታዎች፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ክር የመሰለ ትል አለ፤ እሱ እግርንም ያሳብጣል፣ ወንዶች ላይም ትልልቅ ሃይድሮሲል ያመጣል። ስለዚህ 14ኛው ግማሽ እውነት ይዟል፤ የተሳሳተው በቦታው ነው። ለሐኪም ስትናገሩ የኖራችሁበትን ቆላ መጥቀስ ለዚህ ይጠቅማል። እኔ ሁለት ዓመት መተማ ሠርቻለሁና ይህን ለሐኪሜ ነገርኩት። እሱም መዘገበው።

16ኛው ረጅም ነበር። የደባርቁ መምህር ነው፤ ስለ አባቱ። አባቱ ሃያ ዓመት የቆየ ሄርኒያ ነበረባቸው። በወረደ ቁጥር ተኝተው በእጃቸው ይመልሱታል። አንድ የውቂያ ሰሞን ማታ አልመለስ አለ። እብጠቱ ጠነከረ፣ ያማቸው ጀመር፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ አስመለሳቸው፤ ፈስም ሰገራም ቆመ። ቤተሰቡ ቅቤ ቀብቶ ሲያሽ አደረ። ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሷል። የታነቀው አንጀት ጠቁሮ ነበር፤ የተወሰነው ተቆርጦ ወጣ። ሕይወታቸው ተርፏል፤ ከአልጋ የተነሡት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መምህሩ አንድ ነገር ላይ ቆመ። በዚያ ሌሊት የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ አልነበረም፤ መኪና ነበር። ሲስተርም ደገፉት። የሚገባና የሚወጣ ሄርኒያ በእጅ ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሽን አያሻውም። አልመለስ ያለና የሚያም ከሆነ ደግሞ ማሽን ፍለጋ መዞር ሰዓት ያባክናል። ሳይጫኑ፣ ሳያሹ፣ ምግብና ውሃ ሳይሰጡ ኦፕራሲዮን ወደሚደረግበት ቦታ ነው።

17ኛው እኔ ነኝ፤ አልትራሳውንዱን ተነሣሁ። ፒያሳ አካባቢ ነው የሄድኩት። ሽንት መያዝ አላስፈለገም። ተኝቼ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡኝ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ግራ አዩ፣ ከዚያ ቀኙን። ቀጥሎ አስቁመው ትንፋሽ ይዤ እንዳምጥ አዘዙኝ፤ ደም ሥሩ ሲሰፋ ለማየት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ማሽኑ ድምፅ እንጂ ጨረር እንደሌለው ባለሙያው ነገረኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። በቀኝ በኩል 160 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ሁለት የቡና ሲኒ ማለት ነው። ከውሃው ጀርባ ተገፍቶ ፍሬው ተገኘ። ርዝመቱ 4.2 ሳንቲ ሜትር፤ መልኩ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፤ ደም በደንብ ይደርሰዋል፤ ምንም ጉብታ የለበትም። አንጀት አልወረደም። እዚህ ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰባት ወር የፈራሁት ነገር በአንድ መስመር ተጽፎ አለቀ። ታች ግን ያልጠበቅኩት ሌላ መስመር ነበር። ትንፋሽ ይዤ ሳምጥ በግራ በኩል አንዱ ደም ሥር 2.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

18ኛው በዚህችው መስመር ላይ የተነሣ ክርክር ነው። የፋርማሲው ልጅ ደም ሥሩ ቫሪኮሲል ስለሆነ፣ ከቀኙ ጋር አብሮ እንዲሠራ ጻፈ። ሲስተር አልተስማሙም። በእጅ የማይዳሰስ፣ የማያም፣ ማሽን ብቻ ያየው ደም ሥር አይቆረጥም፤ ማሽን ሲፈልጉበት ጥቃቅን ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ልጅ ፈልጌ ባጣ ያን ጊዜ ይታያል። እኔ የእሳቸውን ይዣለሁ።

በቀኙ ላይ ግን እርግጡን አላገኘሁም። ውሃው ጉዳት ስለሌለው መተው እችላለሁ። ቢከብደኝ ኦፕራሲዮን አለ፤ ሽፋኑን ከፍተው ገልብጠው ይሰፉታል፣ እንደገና የሚጠራቀምበት ኪስ አይኖርም። መርፌን ግን ማንም አልመከረኝም፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። ያየኝ ቀዶ ሐኪም ምርጫውን ለእኔ ተወው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታት ከአሁኑ የማይተናነስ እብጠት ሊኖር እንደሚችል፣ ደም ሊቋጥር እንደሚችልም አልደበቀኝም። ቀን በማሽን ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ ይከብደኛል። ሰርግ በዝቶ ሥራ በሚጨናነቅበት ወር ደግሞ መተኛት አልችልም። እስካሁን አልወሰንኩም።

19ኛውና የመጨረሻው የአዘዞው ጫኝ ነው። ከ2ኛው መልሱ በኋላ ምንም ሳይል ሁሉንም ሲያነብ ቆይቷል። የሲስተርን ፈተና ራሱ ላይ ሞክሮ ጣቶቹ አልተገናኙም። የደባርቁን አባት ታሪክ ለሚስቱ አነበበላት፤ እሷ ናት እጁን ይዛ የወሰደችው። ሐኪሙ አስቁሞ አሳለው፣ በእጁ ነካው፣ አልትራሳውንድ ሳያዝ ሄርኒያ መሆኑን ነግሮ ቀጠሮ ሰጠው። መቀነቱንም አስፈታው። ቀዳዳው ላይ መረብ እንደሚሰፉለት፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሣ ተነግሮታል። የጠየቀን ስለ በሽታው አልነበረም። የሚበላው በዕለት ሸክሙ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ስድስት ሳምንት ሳይሸከም ምን እንደሚሠራ፣ አዘዞ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ የሚያውቅ ካለ እንድንጠቁመው ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ ቁልፍ የሚተክልና ጨርቅ የሚያጥፍ ሰው እንደምፈልግ ጽፌለታለሁ። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።